አውቀው አይደለም

ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮናቸውን እስከ ጥግ ከፍተው ዜና የሚያዳምጡ አንድ ጡረተኛ አሉ። በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ 26 ዓመት ሠርተዋል። ባለቤታቸው ሲጠሯቸው አይመልሱም። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም!» ይሏቸዋል እትዬ። እሳቸው ደግሞ «ድምፅሽማ ይሰማኛል፤ የምትይው ነው የማይገባኝ» ይላሉ። እውነቱን ልናገርና እኔም ከእትዬ ወገን ነበርኩ። ሰውዬው ማዕድ ሲቀርብ የሚሰሙ፣ ሥራ ሲታዘዙ የማይሰሙ ነበር የሚመስሉኝ።

ተሳስቼ ነበር። የማሽን ጩኸት ጆሮን ባንዴ አይደፍንም። በመጀመሪያ የሚያጠቃው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ባለሙያዎቹ 4000 ኸርዝ ከሚሉት አካባቢ ይጀምራል። «አ» እና «ኦ» ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ። እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ቀጫጭኖች ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰውየው ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማል፤ «ስም» ይባል «ፍም» ግን አይለይም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም።

ባለ መወርወሪያ የሽመና ማሽኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ውስጥ ጩኸቱ 100 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚስማሙበት የቀን ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ ጆሮው ያልተሸፈነ ሠራተኛ በ100 ዴሲቤል ውስጥ መቆየት ያለበት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ጎረቤቴ ሙሉ ፈረቃ ነበር የሚቆሙት። ጆሯቸው ውስጥ የሚወትፉት ደግሞ ከዚያው ከፋብሪካው የተገኘ ጥጥ ነው። ጥጥ ጩኸት አይከላከልም፤ የልብ ልብ ይሰጣል እንጂ።

የእኔ ጠብ ግን ከጥጡ ጋር አይደለም፤ ከምርመራው ጋር ነው። «ምርመራማ እናደርጋለን» የሚል ፋብሪካ አይጠፋም። እንዴት ነው የሚያደርገው?

የመስማት ምርመራ ዋጋ የሚኖረው ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር ከተወሰደ ልክ ጋር ሲመሳከር ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ወጣት ስትቀጠር በ2000፣ በ3000 እና በ4000 ኸርዝ የሰማችው ዝቅተኛ ድምፅ 10፣ 10 እና 15 ዴሲቤል ነበር እንበል። ከአራት ዓመት በኋላ 15፣ 25 እና 35 ሆነ። መርማሪው የዛሬውን ወረቀት ብቻ ካየ «ደህና ነሽ፣ ትንሽ ነው» ብሎ ይሸኛታል፤ እሷም ወሬ ትሰማለች፣ ስልክ ታነሳለች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ልዩነቱን ያያል፤ 5፣ 15 እና 20፣ በአማካይ 13 ዴሲቤል ግድም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ አማካዩ 10 ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ነው ይላል። ልጅቷ በዚህ ጊዜ እንደገና ትመረመራለች፣ የጆሮ መሰኪያዋ በትክክል መግባቱ ይታያል፣ ካስፈለገም ክፍል ትቀይራለች። ገና የሚድን ጆሮ አላት።

ጎረቤቴ በ26 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመርምረዋል። የመጀመሪያው ከተቀጠሩ ስንት ዓመት በኋላ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከማሽን ላይ ተነስተው ነው። ክሊኒኩ ከአዳራሹ ግድግዳ ይጋራል። ከጩኸት የወጣ ጆሮ ለሰዓታት ደንዝዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት 14 ሰዓት ከጩኸት መራቅ ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት፣ ፈረቃ ሳይገባ ማለት ነው። በደነዘዘ ጆሮ የተወሰደ መነሻ ልክ ሠራተኛውን ገና ከጅምሩ ደንቆሮ አድርጎ ይመዘግበዋል። ኋላ የሚደርሰው ጉዳትም ትንሽ መስሎ ይታያል። በዚህ ስህተት የሚጠቀመው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ሕጉስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ ለአዲስ ተቀጣሪዎችና በአደገኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች በራሱ ወጪ የሕክምና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። «አስፈላጊ ሲሆን» የምትል ሐረግም ታክላለች። በየፋብሪካው የምትታወሰው እሷው ሳትሆን አትቀርም።

ጎረቤቴ ጡረታ ሲወጡ ስለ ጆሯቸው ካሳ ጠይቀው ነበር። ጸሐፊው ፋይሉን አገላብጦ «አባቴ፣ ሲቀጠሩ ደህና እንደነበሩ በምን ይታወቃል?» አላቸው። እሳቸው «ምን አልክ ልጄ?» አሉት። ጸሐፊው ደገመላቸው። አሁንም አልገባቸውም። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው።