ሠላሳ ሰከንድ በጆሮ ሲለካ

ለሬዲዮ የሚጻፍ የንግድ ማስታወቂያ በዓይን ተነቦ አያበቃም፤ ዳኛው ጆሮ፣ ሚዛኑም ሰዓት ነው። አድማጭ ያመለጠውን ቃል ተመልሶ ሊያነበው አይችልምና፣ የ30 ሰከንዱን ጽሑፍ መሔስ የሚገባው በዚሁ መለኪያ ነው።

ለአብነት ያህል፣ ለአንድ የሰፈር ሱቅ በተለመደው ፈሊጥ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «በሰፈራችን በሚገኘው፣ ጥራታቸውን የጠበቁ የእህልና የቅመማ ቅመም፣ የዘይትና የሳሙና ምርቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለውድ ደንበኞቻችን በምናቀርብበት ሱቃችን፣ እስከ ምሽቱ 3፡30 እናገለግላለን።» ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ በመሆኑ፣ አዲሱ ወሬ፣ ማለትም ሱቁ አምሽቶ መሥራቱ፣ የሚሰማው 77 ፊደላት ካለፉ በኋላ ነው። ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው በሰከንድ ሰባት ፊደል ያህል ይናገራል ብንል፣ 11 ሰከንድ ባክኗል ማለት ነው። ሳድስ ፊደላት አንዳንዴ ስለሚዋጡ ይህ ስሌት ግምት ብቻ ነው፤ ቁርጡን የሚነግረን ጽሑፉን ድምፅን ከፍ አድርጎ በሰዓት ማንበብ ነው።

ቃልን ብቻ መቁጠርም ያታልላል። «በምናቀርብበት» አንድ ቃል ቢሆንም ስምንት ፊደል አለው። «3፡30» በወረቀት ላይ ሦስት አኃዝ ነው፤ በአንደበት ግን «ሦስት ሰዓት ተኩል» ሆኖ ዘጠኝ ፊደል ይወስዳል። ስለዚህ አኃዝ ሁሉ በፊደል መጻፍ አለበት።

ሌላው ችግር መጥበቅና መላላት ነው። ጽሑፋችን ይህን ስለማያሳይ፣ «ገና ክፍት ነን» የሚለውን አንባቢው አጥብቆ ቢያነበው የልደት በዓል ይሆንበታል። መፍትሔው «እስካሁን» ብሎ ቃሉን መለወጥ ነው።

እንግዲህ ያንኑ መልእክት ለጆሮ ስናቃናው እንዲህ ይሆናል፦

«መሽቷል። እቤትዎ ዘይት አልቋል። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ግን አልተዘጋም። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጠብቅዎታል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት።»

ይህ በጠቅላላው 83 ፊደል ነው፤ የፊተኛው ወደ ፍሬ ነገሩ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ እምብዛም አይበልጥም። «እቤትዎ» የሚለው ቃልም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ቢቀር ኖሮ ዘይት ያለቀው በሱቁ ውስጥ ይመስል ነበር። የስልክ ቁጥር አልተጨመረም፤ በእግሩ ለሚመጣ ጎረቤት ከአሥር አኃዝ ይልቅ ወፍጮ ቤቱ ይታወሰዋል፤ ስለዚህም ሁለት ጊዜ ተጠራ። የተረፈው ጊዜ ለሱቁ ስምና ለአንባቢው ትንፋሽ ይውላል። ባዶ ሰከንድ አገኘሁ ብሎ «ጥራት»ንና «ተመጣጣኝ ዋጋ»ን መልሶ የሚያስገባ ደራሲ ግን ባለሱቁ በገንዘቡ የገዛውን ጊዜ ማንኛውም ሱቅ ሊለው ለሚችል ቃል ያውለዋል።