ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ቃል

ደብረ ብርሃን ካለው ፎቶ ቤቴ የሠርግ ወራት ሲደርስ ሥራዬ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ማንሳት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው፣ ሙሽሮች ፎቶውን ሊያሳጥቡ ሲመጡ ከግርጌው የሚጻፈውን የምስጋና ቃል ማሳጠር ነው። ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ የደብተር ገጽ ሙሉ ነው። እኔ ደግሞ ያለኝ ቦታ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የዛሬውን ነገር ልናገር የምፈልገው በአንድ ሠርግ ነው። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ዕለት ቀየት ላይ የተሠረገ ሠርግ ነው። ሙሽራው የመንዝ ልጅ ነው፤ ሙሽሪት የመርሐቤቴ። ስለ ሠርጉ ብዙ አላወራም፤ ብርዱ ያው የሚታወቀው የደጋው ብርድ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ባና ደርበው ተቀምጠዋል። የተመረጠችው ፎቶ ሁለቱ ጎንበስ ብለው የሙሽራውን እናት ጉልበት ሲስሙ ያነሳኋት ናት። ከኋላቸው የዳሱ ጭራሮ ይታያል፤ ሴቶቹ እልል ሲሉ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

በሦስተኛው ሳምንት ሙሽሮቹ መጡ። ሙሽራው የጻፈው መቶ አርባ ቃል ይሆናል። መጀመሪያ እግዚአብሔርን፣ ከዚያ ወላጆችን፣ ከዚያ የሚዜዎችን ስም በሙሉ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጡትን፣ መጨረሻ ላይ «ስማችሁን ያልጠቀስን ይቅርታ» የሚል ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ማንንም ላለማስቀየም ያሰበው ነው። ግን ስም ዝርዝር ሲገባ መቀየም የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በአንድ ሠርግ ፎቶ ላይ የሚዜዎችን ስም ጻፍኩና አንዱን ዘለልኩ። የዘለልኩት ልጅ ያን ቀን ውሃ ሲያመላልስ የዋለው ነበር። ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ስም መጨመር አይቻልም፤ ልጁ ወደዚያ ቤት በገባ ቁጥር የስሙን መዘለል ያያል። ከዚያ ወዲህ ስም አልጽፍም፤ ሥራውን እጽፋለሁ። ዳስ የጣለ ሁሉ «ዳስ የጣላችሁልን» ሲባል ራሱን ያገኛል፤ ሰባት ቢሆኑም አስራ ሰባት ቢሆኑም ቃሉ ይበቃቸዋል።

ስለዚህ የሙሽራውን ወረቀት ይዤ «ሠርጉን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ነዋ» አለኝ። «ሰው ሁሉ ምን ምን ሠራ?» ስለው መቁጠር ጀመረ፤ ዳስ የጣሉ፣ እንጨት የፈለጡ፣ ጠላ የጠመቁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ ያደሩ፣ በሬ ያረዱ፣ እንግዳ የተቀበሉ። ከዚህ ሁለት እንመርጣለን አልኩት፤ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት። ወንዶቹ ዳሱን ጣሉ፣ ሴቶቹ እሳት ዳር አደሩ። ሦስተኛ ሥራ ስንጨምር ቃሉ የሥራ ምድብ ዝርዝር ይመስላል፤ ሙቀቱ ይጠፋል። እሳት ዳር ማደር ያልኩትም መጋገሩንም መጥመቁንም መቀቀሉንም ስለሚይዝ ነው። በደጋው የጥር ሌሊት ጭስ ውስጥ ያደረች ሴት ይቺን ስታነብ የትኛዋን ሌሊት እንደሆነ ታውቃለች።

ቀጥሎ የመጣው «ወላጆቻችን» የሚለው ቃል ነው፤ ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ «ወልዳችሁ ያሳደጋችሁን ወላጆቻችን» ይላል። ይህንን ጮክ ብዬ ሳነብ ሙሽሪት ዝም አለች። አይኗን ወደ ጠረጴዛው አወረደች። ሙሽራው አላስተዋለም፤ እኔ ግን አስተዋልኩ፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቃል ላይ ሐሳብ ስትሰጥ ነበር። «እህቴ፣ ምን ከበደሽ?» አልኳት። አባቷ በልጅነቷ እንደሞቱ፣ አጎቷ እንዳሳደጓት፣ የጥሎሹንም ሽማግሌ የተቀበሉት እሳቸው እንደሆኑ ነገረችኝ። «ወልዳችሁ» ሲባል አጎቷ ይወጣሉ። «አባታችንና አጎታችን» ብለን ብንለያቸው ደግሞ እሳቸውን ከአባት በታች ማስቀመጥ ይሆናል፤ የሞተውንም ያለ ቦታው ማንሳት ነው።

መፍትሔው ከወረቀቱ ላይ ነበር። «ወልዳችሁ» የሚለውን ሰርዤ «ያሳደጋችሁን» የሚለውን ብቻ አስቀረሁ። አንዲት ቃል ናት፤ እናትን ትይዛለች፣ አጎትን ትይዛለች፣ አያት ያሳደገችውንም፣ የክርስትና እናት ያስተማረችውንም ትይዛለች። የኛ ቋንቋ ግሱ ውስጥ እናንተንም እኛንም አንድ ላይ ስለሚያስገባ «እናንተ እኛን» ብሎ መዘርዘር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የሠርግ ጽሑፍ ስቀበል የምጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ወላጆቻችሁ አሉ?» አይደለም፤ «ማን አሳደጋችሁ?» ነው።

ወላጅን በተመለከተ ፎቶውም ራሱ ይናገራል። ጉልበት የሚስሙባት ፎቶ ስለሆነች ለእናት የሚገባው ክብር በምስሉ ተፈጽሟል፤ ከሥሩ «እናታችንን እናከብራለን» ብዬ ብጽፍ ያየሁትን መልሶ መንገር ነው። ምስሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ይልቅ ከምስሉ ውጭ የቀሩት ቃል ይፈልጋሉ። ፎቶው ሙሽሮቹ ብቻቸውን የቆሙባት ብትሆን ኖሮ ለአሳዳጊዎቹ ሁለት ሦስት ቃል እጨምር ነበር።

መክፈቻው ላይ አልተከራከርንም። እንግዳ ሲገባ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፤ ባለቤቱ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ከተጻፈ ቃሉ ንግግር ይሆናል፤ ፎቶውን የሚያይ ሰው የራሱ ሰላምታ ሲመለስለት ይሰማል። «ለሠርጋችን መሳካት አስተዋፅኦ ላደረጋችሁ በሙሉ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን» የሚለው አጻጻፍ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም ብቻ ይቀረዋል። «እናመሰግናለን» መጥፎ ቃል ሆኖ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚናገር ሰው ይመጣብኛል። ገበሬው ቤት የሚባለው «እግዚአብሔር ይስጥልን» ነው። ምስጋናውን እኔ ጨርሼ ልከፍለው አልችልም፣ እሱ ይስጥልኝ ማለት ነው።

ከሁሉ የምጠነቀቅበት ግን መዝጊያው ነው። በሠርግ ላይ የሚሰጠው ነገር ይጻፋል፤ ማን ምን እንዳመጣ ደብተር ላይ የሚይዝ ሰው ይቀመጣል፤ ነገ ያኛው ሲድር ይኼኛው ይመልሳል። ሙሽራውም ይህን ያውቃልና «ብድራችሁን ለመክፈል ያብቃን» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ቃል ግን ጎድሎታል። በእኛ አገር ብድር የሚመለሰው በሠርግ ብቻ አይደለም፤ በለቅሶም ይመለሳል። ዳስ የሚጣለው ለሁለቱም ነው፣ ንፍሮ የሚቀቅሉትም እንጀራ የሚጋግሩትም ያው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ብድራችሁን ለመክፈል ያብቃን» የሚለውን አንድ አዛውንት ሲሰማ «በምኔ ነው የሚከፍለኝ?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቃሉ «በደስታ» ይፈልጋል፤ «በደስታ ብድር መላሽ ያድርገን»። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሰምና ወርቅ የጻፈው፣ የአማርኛ ተናጋሪ አንድን ቃል በሁለት አቅጣጫ መስማት እንደለመደ ነው። በቅኔ ደስ የሚለን ይህ ሁለት መስማት በሠርግ ፎቶ ሥር አደገኛ ነው። እዚያ ሰሙም ወርቁም አንድ መሆን አለበት።

ተሰርዞ ተሰርዞ የቀረው ይህ ነው፦

«እንኳን አብሮ ደስ አለን።
ያሳደጋችሁን፣ ዳስ የጣላችሁልን፣ እሳት ዳር ያደራችሁልን፣
ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ የመረቃችሁን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።
በደስታ ብድር መላሽ ያድርገን።
ቀየት፣ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.»

ቦታውንና ቀኑን ካወጣን ሃያ አንድ ቃል ነው። «ከቅርብም ከሩቅም» ያልነው ከአዲስ አበባ የመጡትን ለብቻ ብንጠራ ከጎረቤት መንደር በእግር የመጣው ቅር ስለሚለው ነው። «የመረቃችሁን» ያልነውም ስጦታን ላለማንሳት ነው፤ ባዶ እጁን መጥቶ የመረቀ ሽማግሌ ብር ካመጣው ጋር እኩል ይመሰገናል። በስልክ ሲላክም ሳይቆረጥ ሙሉው ይታያል።

የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው። ፎቶው 20 በ 30 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አግድም። ጽሑፉን ምስሉ ላይ አላስቀመጥኩም፤ ነጭ ፊደል በነጭ ቀሚስ ላይ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ደግሞ የዳሱ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከግርጌ 4 ሳንቲ ሜትር ነጭ ቦታ ተውኩለት። ፊደሉን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቁመት አደረግሁት፤ ከዚያ ካነሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን የሚያይ አዛውንት አያነበውም። ቀኑን ብቻ አሳነስኩት። መስመሩ የሚሰበረው ቦታ ሲያልቅ ሳይሆን ትንፋሽ በሚያርፍበት ነው፤ «እሳት» አንድ መስመር ላይ «ዳር» ሌላ ላይ ከቀረ የሚያነበው ይደናቀፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ዩኒኮድ ባልሆነ በቆየ የግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ፊደሉ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ማተሚያ ቤት ልከን እንዲህ ሆኖ ታትሞ የተመለሰ አይቻለሁ፤ ወረቀቱም ቀለሙም ባከነ። ስለዚህ የምጽፈው በዩኒኮድ ነው፤ ለማተሚያ ቤት የምልከውም ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይሬ ነው። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ጽሑፉ «ሠርግ» የሚል ካለበት በሠ ከተጀመረ እስከ መጨረሻ በሠ መሆኑን፣ ከ«ይስጥልን» በኋላ አራት ነጥቧ መኖሯን፣ ቀኑ ከሠርጉ ጥሪ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አስነብባለሁ። የጻፈ ሰው የራሱን ስህተት አያይም።

ሦስት ታተመ። አንዱ ለሙሽሮቹ፣ አንዱ ለመንዙ ቤት፣ አንዱ ለመርሐቤቴው። የመጨረሻውን ሊወስዱ አጎትየው ራሳቸው መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ ጀምረው በዝግታ አነበቡ። «ያሳደጋችሁን» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ፎቶውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ አለም ከተማ የሚሄደውን መኪና ለመያዝ ወጡ።