«እሺ፣ እናየዋለን» ለሚል አለቃ መዘጋጀት

ቁጡ አለቃ ለዝግጅት ይመቻል። የት ላይ እንደሚነሳበት ሠራተኛው ያውቀዋል፤ «አይሆንም» ካለም መልስ ሰጥቷል ማለት ነው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ ብዙ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ከአለቃቸው ጋር የሚከብድ ነገር ሊነጋገሩ ያሰቡ ሰዎች ቀድመው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የደግ አለቃ ጉዳይ ነው። ይህ አለቃ ወንበር ይስባል፣ ቡና ያዛል፣ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ «እሺ፣ እናየዋለን» ብሎ እስከ በር ይሸኛል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ለእንዲህ ያለው ሰው «እምቢ ቢለኝስ?» እያሉ መዘጋጀት ጊዜ ማባከን ነው። እምቢ አይልም። መዘጋጀት የሚያስፈልገው ለባዶው እሺታ ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። የሥራ ባልደረባዋ ሲለቅ የደመወዝ ዝግጅቱና የባንክ ማስታረቁ እሷ ላይ ወደቀ። ከ11፡30 መውጣት ሲገባት እስከ ምሽቱ 1፡30 ትቆያለች። ኃላፊዋ ሁልጊዜ «አይዞሽ፣ ሰው እንቀጥራለን፤ እስከዚያ እንደቻልሽ አድርጊው» ይሏታል። ልብ በሉ፣ «አምሽተሽ ሥሪ» ብለው አያውቁም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከመደበኛው ሰዓት በላይ የተሠራ ሥራ ትርፍ ሰዓት የሚባለው በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ ሲሠራ ነው። ግጭት የሚሸሽ አለቃ ደግሞ በባሕርዩ ግልጽ ትዕዛዝ አይሰጥም። ክፋት የለበትም፤ ጉዳቱ ግን ከክፉው አይተናነስም።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ እሷ አልነበረም። «ጋሼ እሺ ቢሉሽ ከማን ጋር መጋፈጥ ይኖርባቸዋል?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ሰው ለመቅጠር ወደ ምክትል ሥራ አስኪያጁ መሄድ አለባቸው፤ እሳቸው ደግሞ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ቅጥር የለም ብለዋል። ነገሩ እዚህ ጋ ተገለጠ። ሰውዬው የሚሸሹት እሷን ሳይሆን የላይኛውን ፎቅ ነው። ስለዚህ ቅጥር የሚለውን ከመጀመሪያው ንግግር አወጣነው። በራሳቸው ፊርማ ብቻ የሚያልቅ ምን አለ ብለን ስንፈልግ ሁለት ነገር አገኘን፤ አንዱ የትርፍ ሰዓት ቅጹን ማጽደቅ፣ ሌላው በየወሩ በ5 የሚጠበቀውን የባንክ ማስታረቅ ወደ 15 ማዛወር። ሁለቱንም ይዛ ትገባለች፤ የፈለጉትን ይመርጣሉ።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሠራን። የአሻራ መዝገቡ በሳምንት 10 ሰዓት ያህል ትርፍ ያሳያል፤ አዋጁ ከሚፈቅደው የሳምንት ጣሪያ፣ ከ12 ሰዓት፣ በታች ነው። ደመወዟ 12,480 ብር ነው። ብዙ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ 60 ብር ይመጣል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ 90 ብር ይሆናል፤ በአራት ሳምንት 3,600 ብር። ይህን ሁሉ ከነቀኑና ከነሥራው ዓይነት ግማሽ ገጽ ላይ አሰፈረችው። ከዚያ በላይ እንዳትጨምር ከለከልኳት። ወረቀት ሲበዛ እንዲህ ያለው አለቃ «ተረጋግቼ ላንብበው» ይልና መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የመክፈቻው ንግግር ነው። መጀመሪያ የጻፈችው «በጣም ተጎድቻለሁ፣ የሚያስብልኝ የለም» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሰውዬው ማጽናናት ይችሉበታል፤ ሰዓቱ በማጽናናት ያልቃል። ሁለተኛው በአዋጁ ይጀምር ነበር። ያንን ሲሰሙ ክስ የመጣ መስሏቸው ወደ ሕግ ክፍል ይመሯታል። መጨረሻ ላይ የያዝነው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ የለቀቀው ልጅ ሥራ ወደ እኔ ከመጣ ወዲህ በሳምንት አሥር ሰዓት እያመሸሁ ነው። እንዲቀጥል ከፈለጉ ቅጹን ይፈርሙልኝ፤ ካልሆነ የባንክ ማስታረቁ ወደ ወሩ 15 ይሂድልኝ። የትኛው ይሻልዎታል?»

ድንገት መግባት አይሠራም። የደነገጠ ሰው ስልክ ያነሳል ወይም ሦስተኛ ሰው ይጠራል። ጉዳዩን ሳይጠቅሱ «ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ልትለቅ ነው ብለው ሲብሰለሰሉ ያድራሉ፣ በማግስቱም ስብሰባ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት «ነገ ስለ ሥራ ክፍፍሉ 15 ደቂቃ ይስጡኝ፤ ሁለት አማራጭ ይዤ እመጣለሁ» ብላ እንድታሳውቃቸው አደረግን። የወር መዝጊያ ሳምንትና ሰው የሚሰማበት ቦታ አይሆንም።

ከዚያ እኔ ጋሼን ሆንኩ። «አንቺ እኮ የክፍሉ ምሰሶ ነሽ» አልኳት፤ አመሰገነችና ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። «ለበላይ ላቅርበው» አልኳት፤ «ቅጹ በእርስዎ ፊርማ ያልቃል፣ ጋሼ» አለችኝ። ጥሩ ነው። ዝም ስል ግን ተሸነፈች። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ «ካልተቻለም ችግር የለውም» አለች። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን ጉዳይ እንደገደለች ቆጥሬ አልጨርሰውም። ታላቅን በዝምታ ማስጨነቅ ነውር መስሎ ስለሚሰማን አፋችን ቀድሞ ያመልጣል። የቀረውን ጊዜ ጠይቆ ዝም ማለትን ብቻ ተለማመድን፤ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ቅጹ ጥላ።

በቀኑ እንደተጠበቀው አመሰገኗት፣ ስለ በጀቱም አወሩ፤ እሷም ጠብቃ መልሳ ጠየቀች። የመጪውን ወር ፈረሙ። ስላለፉት ሁለት ወራት ግን «እሱን እናየዋለን» አሉ። ለዚህም ተዘጋጅታ ነበር፤ «እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብላ ቀን አስቆረጠች፣ ከሰዓት በኋላም የተስማሙበትን በሦስት መስመር ኢሜይል ላከችላቸው። ቀኑ ያለ መልስ አለፈ። ያኔ ጥያቄዋን በደብዳቤ አድርጋ በመዝገብ ቤት አስገባች፤ በቅጂው ላይም የገቢ ማኅተም አስመታች። ጋሼ ትንሽ ቀዘቀዙባት። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ወረቀትን እንደ ጠብ ያየዋል። በጨዋነት ቀን ከተሰጠው በኋላ ግን ቅሬታው ቶሎ ይበርዳል።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በቃል የተሰጠ «እናየዋለን» ይርጋውን አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው አሠሪው ግዴታውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ሲቀርብ ነው። የሥራ መሪ ከሆናችሁ ደግሞ ይህ አዋጅ አይሸፍናችሁም፤ ውላችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ።