ቴርሞሜትሩ የማያሳየው ግማሽ

አሞኒየም ናይትሬት ውኃ ውስጥ ሲጨመር ውኃው ይቀዘቅዛል። ጨው ግን መሟሟቱን አያቆምም፤ ማንም ሳያሞቀው ሟሙቶ ያልቃል። ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን ሙከራ የማስቀድመው ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡትን አንድ ጠንካራ እምነት ስለሚፈትን ነው፦ «ለውጥ በራሱ የሚሄደው ሙቀት ሲሰጥ ነው» የሚለውን። እምነቱ የጀማሪ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ማርሰላን በርተሎና ዴንማርካዊው ዩሊየስ ቶምሰን የለውጥን አቅጣጫ የሚወስነው የሚወጣው ሙቀት እንደሆነ ያስተምሩ ነበር።

የምንሠራው 8 ግራም ጨው በ100 ግራም ውኃ ውስጥ በመጨመር ነው። 8 ግራም 0.1 ሞል መሆኑ ስሌቱን ያቀላል። ሁለቱም አስቀድመው የክፍሉን ሙቀት ይይዛሉ፤ ከዚያ ክዳን ባለው የፎም ኩባያ ውስጥ እየተማሰሉ ንባቡ በየ15 ሴኮንዱ ይመዘገባል። ቴርሞሜትሩ በ5.5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም የክፍሉ ሙቀት ስለሚገባ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ንባብ ብቻ መውሰድ አይበቃም፤ የሚወጣውን መስመር ጨው ወደተጨመረበት ቅጽበት መልሶ መሳብ ያስፈልጋል። ጨው እርጥበት ስቦ ከነበረ ከተመዘነው ክብደት ከፊሉ ውኃ ነው፤ ውጤቱም ያንሳል። በስሌቱ ውስጥ 108 ግራም በማስገባት ፋንታ የውኃውን 100 ግራም ብቻ የወሰደ ተማሪም 7 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። ማዳበሪያ አንጠቀምም፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር የተደባለቀ ከሆነ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ደረቁን ጨው ማሞቅ፣ ከዘይት ወይም ከመጋዝ ብናኝ ጋር ማደባለቅ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።

በጣም ቀጭን ለሆነ ሙሙት መጽሐፍ የሚሰጠው ዋጋ በአንድ ሞል 25.7 ኪሎጁል ገደማ ነው። ጨው ይህን ያህል ሙቀት ከውኃው ይወስዳል። ተማሪው እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ገፋው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ኢንትሮፒ አልሄድም። ጥያቄው ሳይነሳ የመጣ መልስ ቀመር ሆኖ ይቀራል።

ኢንትሮፒ ቅንጣቶችና ኃይል ሊደረደሩባቸው የሚችሉ መንገዶች ብዛት መለኪያ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ አዮን ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ቦታውን ይዟል፤ ሲሟሟ በውኃው ሁሉ ይበተናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠጣሩ በአንድ ሞል 151.1 ጁል በኬልቪን ኢንትሮፒ አለው። በውኃ ውስጥ አሞኒየም አዮን 113.4፣ ናይትሬት አዮን 146.4 ይቆጠርላቸዋል። ድምሩ 259.8 ስለሆነ ትርፉ 108.7 ነው።

ይህ ግን ግማሹ ሂሳብ ነው። ኩባያው መጨረሻ ላይ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ 25.7 ኪሎጁሉ የሚመጣው ከአካባቢው ነው፤ ሙቀት የተወሰደበት አካባቢ ደግሞ ኢንትሮፒ ያጣል። 25,700ን በ298 ኬልቪን ስናካፍል ኪሳራው 86.2 ይሆናል። 108.7 ሲቀነስ 86.2 ወደ 22.5 ይተርፋል። የጨውና የአካባቢው ድምር ጨምሯል፤ ለውጡ በራሱ የሚሄደው ስለዚህ ነው። በጊብስ ቀመር ያው ነገር በኃይል ሲነገር 25.7 ሲቀነስ 32.4፣ ማለትም ከዜሮ በታች 6.7 ኪሎጁል ገደማ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ማግኘት የምንችለው በስሌት ነው።

ሂሳቡ የሚይዘው ለተወሰነ ክምችት ነው። ሙሙቱ እየወፈረ ሲሄድ አዲስ ለሚገባ አዮን የሚቀረው የመሰራጨት ትርፍ እያነሰ ይመጣል። ትርፉ ከአካባቢው ኪሳራ ጋር እኩል ሲሆን ሙሙቱ ጠግቧል፤ የተረፈው ጨው ታች ይቀመጣል። ውኃው ቢሞቅ ያው 25.7 ኪሎጁል የሚካፈለው በትልቅ ቁጥር ስለሆነ ኪሳራው ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሙቅ ውኃ ተጨማሪ ጨው ይሟሟል።

ተማሪ ከዚህ «ጠጣር ሲሟሟ ኢንትሮፒ ሁልጊዜ ይጨምራል» የሚል ሌላ ሕግ ይዞ እንዳይወጣ ቀጥዬ ካልሲየም ክሎራይድ አሟሟለሁ። ትንሹና ሁለት ቻርጅ ያለው የካልሲየም አዮን የውኃ ሞለኪዩሎችን አጥብቆ በዙሪያው ያሰልፋል፤ የውኃው ነፃነት መቀነስ ከአዮኖቹ መበተን ይበልጥና የሙሙቱ ኢንትሮፒ በአንድ ሞል በ45 ጁል በኬልቪን ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን ኩባያው ይሞቃል፤ የወጣው ሙቀት የአካባቢውን ኢንትሮፒ ከዚያ አብልጦ ያሳድጋል። አሞኒየምና ናይትሬት ግን ትልልቅና ባለ አንድ ቻርጅ ስለሆኑ ውኃውን የሚይዙት ላላ አድርገው ነው፤ ትርፋቸው ሳይበላ የሚቀረውም ለዚህ ነው። ሁለቱ ጨዎች በተቃራኒ መንገድ ወደ አንድ ውጤት ይደርሳሉ። ተማሪዬ ሁለቱንም ሂሳቦች በራሱ ሠርቶ የየትኛው ጨው ትርፍ ከሙሙቱ፣ የየትኛው ከአካባቢው እንደመጣ ከለየ፣ ሦስተኛ ጨው ስሰጠው የት እንደሚፈልግ ያውቃል።