«ይጠየቃል» ወይስ «ይጠይቃል»?

በፎቶግራፍ የተነሣ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ፣ ትርጉም አልባ ቃል የሚፈጥር የንባብ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። የሚያሳስበን ሌላ ትክክለኛ ቃል የሚወልደው ነው። በተመለከትነው አንድ ረቂቅ ትርጉም «ሙተወሊው ስለ ወቅፉ ገንዘብ ይጠየቃል» የሚለው ድንጋጌ «ይጠይቃል» ተብሎ ተነቧል። በ«የ» አናት ላይ ያረፈች ጥላ የ«ይ»ን ጭረት መስላለች። ስለዚህ ተጠያቂው ጠያቂ ሆነ፤ ግዴታውም መብት መሰለ።

ዐረብኛው ይህን ስሕተት መሸሸጉ የባሰ ነው። «የስአሉ» (ይጠይቃል) እና «ዩስአሉ» (ይጠየቃል) ያለ ሐረካት ሲጻፉ መልካቸው አንድ ነው፤ አራሚው ዐረብኛውን ብቻ አይቶ አይደርስበትም።

ስለዚህ ከመተርጐም በፊት የተጠረጠረውን ፊደል አጉልቶ፣ በዚያው ገጽ በእርግጥ ከተለዩ «የ» እና «ይ» ጋር ማነጻጸር ይገባል። ምስሉ ካልለየ ዐውዱ ይመርመር፤ በዚህ ጽሑፍ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር የጎደለውን ገንዘብ ስለ መተካት ስለሚናገር «ይጠየቃል»ን ያጸናል። ንባቡ ከጸና በኋላ በዐረብኛው «ያእ» ላይ ደማ ይደረግ። ዐውዱም ካልፈታው፣ በግምት ከመተርጐም ገጹ እንደገና ይነሣ እንላለን።