ሦስት ግጥምና አራት መስመር

ደብረ ታቦር ተቀምጦ አዲስ አበባ ለሚታተም የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ግጥም የሚልክ ሰው ሲገጥመኝ፣ ከግጥሙ እኩል የአላላኩን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ደብተር ሙሉ ግጥም እያለው ሦስቱን ብቻ ይመርጣል፤ እያንዳንዱንም ለብቻው ገጽ ይሰጠዋል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ለስንኙ የሚያደርገው ጥበቃ ነው። «የጉና ገብስ ዛላ ነፋስ አዘመመው» ብሎ ጽፏል እንበል። ወል ቤት ነው፤ ስድስትና ስድስት ቀለም። ስልኩ ላይ ሲተይበው ግን ስክሪኑ ይጠብና «አዘመመው» ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል። አዘጋጁም በጠባብ ስክሪን ካነበበው ይህን የገጣሚው ምርጫ መስሎት እንዳለ ሊያትመው ይችላል። ጠንቃቃው ሰው ፊደሉን አሳንሶ ስንኙን በአንድ መስመር ያቆየዋል፤ መስበር ካሻውም «ዛላ» ላይ፣ ትንፋሹ በሚያርፍበት፣ ራሱ ይሰብረዋል። በዩኒኮድ ፊደል ጽፎ ከዋናው ፋይል ጋር ፒዲኤፍ ይጨምራል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ እንደሆነ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታልና። ፒዲኤፉ ደግሞ እያንዳንዱ ስንኝ የት እንደሚያበቃ ይመሰክርለታል።

ከዚያ አጭሯ ደብዳቤ ትከተላለች፦

«ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤ ሦስት ግጥሞች አያይዤ ልኬያለሁ።
ሁለቱ የትም አልወጡም፤ ሦስተኛው ባለፈው ቡሄ በቴሌግራም ገጼ ላይ ወጥቶ ነበር።
በደብረ ታቦር መምህር ነኝ።
ስሜና ስልኬ ከታች አለ።»

የቴሌግራሙን ነገር አለመደበቁ ትልቅ ጨዋነት ነው፤ ያልታተመ ብቻ የሚቀበል አዘጋጅ ቀድሞ ይወስናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ግጥም እንደሚወድ አይተርክም፤ ግጥሙ ምን ለማለት እንደፈለገም አያብራራም።