ከደሴ እስከ ሐረጎ፤ የመሰናዳትና የሙከራ ድንበር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 26 ወንጀል ለመፈጸም መሰናዳትን በመርህ ደረጃ አይቀጣም። አንቀጽ 27 ግን ሙከራን ይቀጣል፤ ዳኛው ካላቀለለ በቀር ቅጣቱ ለታሰበው ወንጀል የተደነገገው ነው። ድንበሩ የሚነካው አድራጊውን ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ከበስተጀርባ የተቀመጠውን ሰው ይበልጥ ይነካል ባይ ነኝ።

አንድ ደሴ የሚኖር ሰው፣ አንድ ነጋዴ ሐሙስ ገንዘብ ይዞ በፒካፕ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ሰምቶ ሁለት ወጣቶችን "ሐረጎ ላይ ጠብቁት" ብሎ ገፋፋ እንበል። ወጣቶቹ እንቢ ቢሉ በማነሳሳት አይቀጣም፤ በአንቀጽ 36 መሠረት የተነሳሳው ወንጀል ቢያንስ መሞከር አለበት። እሺ ብለው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ቢይዙ በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ይጠየቃሉ። ውንብድናው ግን ገና አልተጀመረም፤ ስለዚህ ገፋፊው አሁንም በውንብድናው አነሳሽነት አይጠየቅም።

አስቸጋሪው ቦታ የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ወጣቶቹ ከመንገዱ ዳር አድፍጠው ሳሉ፣ ፒካፑ ገና ከደሴ ሳይነሳ ፖሊስ ቢይዛቸው ሙከራ ነው? ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ድርጊቱ ወደ ወንጀሉ ማምራቱ ግልጽ እንዲሆን፣ ደግሞም በቀጥታ ወደዚያ የሚያደርስ እንዲሆን። ማድፈጡ ግልጽ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥተኛነቱ ግን ይጎድለዋል፤ ከእሱ በኋላ ገና የነጋዴው መምጣትና የወጣቶቹ መነሳት አለ። መኪናው ሲታይ ድንጋይ ወደ አስፋልቱ ቢያንከባልሉ ግን መስመሩ ታልፏል። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን ከስዊዘርላንድ የመጡ ነበሩ፤ የዚያ አገር ፍርድ ቤትም ከዚያ ወዲያ በተለመደው ሁኔታ መመለስ የሌለበትን የመጨረሻ ወሳኝ እርምጃ ይፈልጋል። ድንጋዩ በተንከባለለባት ቅጽበት ደሴ ሻይ የሚጠጣው ሰውም የውንብድና ሙከራ አነሳሽ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ እሱ ምንም አላደረገም።

ዐቃቤ ሕግ ይህን ለመጠበቅ ካልፈለገ አንቀጽ 478 አለለት። ከባድ ወንጀል ለመፈጸም ማደም፣ አድማው እውን እስከሆነ ድረስ፣ ውንብድናው ባይሞከርም በቀላል እስራት ያስቀጣል። ቅጣቱ አነስተኛ የሆነው ድንበሩ ስለተከበረ ነው።

ድንበሩ ሲደመሰስ ምን እንደሚመጣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 አሳይቶናል። አንቀጽ 4 ማቀድን፣ መዘጋጀትን፣ ማደምን፣ ማነሳሳትንና ሙከራን ለሽብር ድርጊቱ በራሱ በተደነገገው ቅጣት ሥር ጠቀለላቸው። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በ2006 ዓ.ም. የተከሰሱት በዚህ አንቀጽ ነበር። በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ ሲያደርግ፣ የአንዱን ጉዳይ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 257 ወደ ማነሳሳት ዝቅ አድርጎ እንዲከላከል አዘዘ።

ለሐረጎው መዝገብ መርማሪው መመዝገብ ያለበት ሐሳባቸውን ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ከአስፋልቱ ምን ያህል ርቆ እንደነበር፣ ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ እንደነበርና ፒካፑ በተያዙበት ሰዓት የት እንደደረሰ ነው።